አስራ አራተኛው ስላይድ

መምህሩ ስህተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ፊደል ከተገደፈ ባለሱቁን ጠርቶ ካልነገረ እንቅልፍ አይወስደውም። ተማሪዎቹም "ቀይ እስክሪብቶ" ይሉታል። ግን ፖለቲካል ሳይንስን የሚያስተምረው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ባዘጋጀው ስላይድ ነው፤ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል።

አስራ አራተኛው ስላይድ ጨጓራውን ይልጠዋል። "በፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ምክር ቤቱ መተማመኛ ድምፅ ነፍጎ ፕሬዚዳንቱን ያወርዳል" ይላል።

"ይሄን ሰርዙት" አላቸው ተማሪዎቹን። "መተማመኛ ድምፅ የፓርላማ ሥርዓት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከምክር ቤቱ ነው፤ አብላጫው ከከዳው ይወድቃል። ፕሬዚዳንቱ ግን የሥራ ዘመኑ በሕግ የተወሰነ ነው። ምክር ቤቱ ስለጠላው ብቻ አያወርደውም፤ ከባድ ጥፋት ተገኝቶበት፣ ተከሶ ነው የሚነሳው።"

"መምህር፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ?" አለች ከፊት የምትቀመጠው ልጅ።

"እሱ ንጉሥ ነው። ፕሬዚዳንት ይከሰሳል" አለ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ጥያቄው ፈተና ላይ መጣ። ልጅቷ መምህሯ እንዳስተማራት መለሰች፤ ፈተናውን የሚያርመው ግን ኃላፊው ነው፤ መልሷንም ያረመው በስላይዱ ነበር። በዚያች አንዲት ጥያቄ ነጥብ ጎድሏት ኮርሱን ወደቀች፣ ምርቃቷም በዓመት ተገፋ። መምህሩ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

"ስላይዱ ስህተት ነው።"

"ስላይዱ የትምህርት ክፍሉ ነው" አለ ኃላፊው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል። "አንተ ብቻህን ሌላ ነገር አስተምር ያለህ ማነው? ልጅቷ ቅሬታ ካላት ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ታቅርብ።"

"ሰብሳቢው ማነው?"

"እኔ ነኛ።"

ቀልድ መስሎት ፊቱን አየው፤ ሰውዬው የምሩን ነው። ሕግ አውጪው እሱ፣ አስፈጻሚው እሱ፣ ተርጓሚውም እሱ። መምህሩ ሦስቱ ለምን እንደሚለያዩ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ጉሮሮው የደረቀው ለዚህ ኖሯል! ዲኑ ጋ ሄደ፤ ዲኑ "የትምህርት ክፍሉ ጉዳይ ነው" ብሎ መለሰው። ኮሚቴውም ተሰብስቦ "መልሱ ከስላይዱ ጋር አይገጥምም" ሲል ወሰነ።

በዓመቱ ያው ኮርስ፣ ያው ክፍል፣ ያቺው ልጅ ከፊት። የሚደግሙት ሁለት ናቸው፤ እሷና ስላይዱ። አስራ አራተኛው ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ስህተቱን አስረዳ፤ ድምፁ ግን ከአምናው ቀንሷል።

ልጅቷ እጇን አወጣች። "ገብቶኛል፣ መምህር። አምናም ገብቶኝ ነበር። ፈተና ላይ የትኛውን እንጻፍ?"

ቀይ እስክሪብቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ ስላይዱን ረጅም ጊዜ አየው።

"የስላይዱን ጻፉ" አለ።

ልጅቷ ቀና ሳትል ጻፈችው።