በገመድ የተነሳ እጅ

ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህን የምናገረው ግን አፍሬ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ ሰፈር ውስጥ ፍሪጁ የሞተበት ባለሱቅ ሁሉ የሚጠራው እኔን ነበር። እንግሊዝኛን ከፍሪጅ መመሪያ ወረቀት፣ ዙሉን ከደንበኞቼ ስድብ ለቅሜ ተማርኩ። ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቄን የብረት ፍርግርግ የበየድኩት፣ መብራቱን የዘረጋሁት ራሴ ነኝ። በቀኝ እጄ።

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ አንድ ጠዋት በፍርግርጉ ቀዳዳ ለደንበኛ ዳቦ ሳቀብል ዳቦው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል እኔም ወደቅኩ። ባለቤቴን ልጠራት አፌን ብከፍት የወጣው የበግ ድምፅ ነው። ሆስፒታል ሲያደርሱኝ በግራው የአንጎሌ ክፍል የደም ሥር ተደፍኗል አሉ። ጠያቂ አይገባም። ከሐኪሞቹ የሚታየኝ ከጭምብል በላይ ያለው ዓይናቸው ብቻ ነበር። አጠገቤ ያለው አልጋ ጠዋት ሰው ተኝቶበት ነበር፤ ከሰዓት ባዶውን አየሁት። አልጋው ስለሚፈለግ እኔን በሳምንቴ ወደ ቤት ሰደዱኝ።

አንደበቴ ቀስ በቀስ ተፍታታ፤ በግራ እጄ ከዘራ ይዤ መራመድም ጀመርኩ። ቀኝ እጄ ግን ጭኔ ላይ የተቀመጠ የሌላ ሰው እጅ ነበር። ሳየው እፈራው ነበር።

የክሊኒኩ ፊዚዮቴራፒ ክፍል በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግቷል። እኔ ደግሞ ሰው እስኪያስተምረኝ የምጠብቅ አይደለሁም። ባለቤቴን መሰላል ላይ አውጥቼ፣ እኔ እያዘዝኩ ጣሪያው ላይ መዘውር አሰቀልኳት። የገመዱን አንዱን ጫፍ በቀኝ አንጓዬ አሰርኩና ሌላውን በግራዬ መጎተት ያዝኩ። እጄ በቀን አምስት መቶ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች በቪዲዮ አይተው አደነቁ። ምግቡን ባለቤቴ ታጎርሰኛለች፤ ሽማግሌ በግራ እጁ ሲበላ ማየት ለእሷ ነውር ነው። ትከሻዬ እንደ እሳት ሲለበልበኝ ሕይወት እየዘራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ክሊኒኩ ጠራኝ። ባለሙያዋ የልጄ እኩያ የሆነች የአገሬው ሴት ናት፤ ስለ መዘውሩ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት።

«ባባ፣ ገመዱን የሚጎትተው የትኛው እጅ ነው?»

«ግራው።»

«ቀኙስ ምን ይሠራል?»

«ይነሳላ!»

«ሬሳም በገመድ ይነሳል» አለች።

የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ በዙሪያው ያለውና የተረፈው ግን ሥራውን ሊረከብ ይችላል አለችኝ። «አዲስ መንገድ የሚጠረገው እርስዎ ራስዎ አስበው ሲሞክሩ፣ ሲስቱ፣ አርመው ደግመው ሲሞክሩ ነው። ያውም ብዙ ጊዜ። በገመድ ሲነሳ ከአንጎልዎ ለእጁ ምን ትእዛዝ ወጣ? ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ አንጎል ውስጥ ያለው ቦታ ይወሰድበታል። ትከሻዎንም እየጎዱት ነው።»

«ዘግይቻለሁ?»

«የመጀመሪያዎቹ ወራት ከሁሉ ይበልጣሉ። በሩ አልተዘጋም፤ ቃል ግን አልገባልዎትም።»

ስድስት ሳምንት! አንጓዬን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጣ «ያንሱት» አለች። ጥርሴን ነከስኩ። አንጓዬ ትንሽ ቀና አለ፤ ጣቶቼ በጭንቅ ተከፈቱ። «ይህ ካለ እንሠራለን» አለችና ቀኙ ተገድዶ እንዲሠራ ግራ እጄን በወፍራም ጓንት እንድሸፍን አዘዘችኝ፤ ተቀምጬ ስሠራ ብቻ፣ ስራመድ ግን እንዳልወድቅ እንዳወልቀው። የማነሳውም ከገዛ ሱቄ ዕቃ ይሁን አለች፤ አንዱ ሲቀልለኝ ከበድ ወዳለው እንድሸጋገር።

ቤት ስገባ ገመዱን አስወረድኩ። ባለቤቴ ገንፎ ይዛ መጣች።

«ማንኪያውን ስጪኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤት ምን ይላል? ባሏን በረሃብ ፈጀችው ይላል!»

«ይበል!»

«ይኸው። ጢምህን አጉርሰው።»

እውነትም ጢሜ በላው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የክብሪት ሣጥን ለማንሳት ስታገል ሣጥኑ ይንሸራተታል። በየማለዳው ዓይኔን ሳልገልጥ በልቤ ጣቴን አዝዛለሁ፤ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ለማየት ግን እፈራለሁ። የአገሬ ልጆች ሞት በየቀኑ በስልክ ይነገረናል። እኔ የምፈራው ግን ያንን እጅ ታቅፌ መኖርን ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሣጥኑ ከጠረጴዛው ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ባለው አንድ ዓመት በቀኝ እጄ ያደረግኩትን ልዘርዝር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቆረጠ ነበር፦

ሃምሳ የክብሪት ሣጥን አንድ በአንድ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፤ በየቀኑ።

ሻማ ከካርቶን አውጥቼ አቆምኩ።

እንቁላል ሳልሰብር ያዝኩ፤ ስምንቱ ከተሰበሩ በኋላ።

ሙሉ ሳህን ገንፎ በላሁ።

ጫማዬን አሰርኩ፤ አጥብቄ ግን አይደለም።

ድንች ላጥኩ፣ በቢላዋ። ባለቤቴ ማየት አቅቷት ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ።