ሃያ ዓመት ቶኪዮ ያልኩበት ማስታወሻ

ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ቅንጣት ያልተጠራጠርኩበት ነገር ቢኖር የዓለም ትልቁ ከተማ ቶኪዮ መሆኑ ነው። ከእኔ ክፍል የወጣ ተማሪ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህችን አይረሳም። ማስታወሻዬ አጭርና ግልጽ ስለሆነ ጋምቤላ ከተማ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች እያባዙ ይሸጡታል፤ እስከ ዛሬ አንዳቸውም ሻይ እንኳ ጋብዘውኝ አያውቁም። ቢሆንም እኮራበታለሁ። ኩራቴ ደግሞ ቶሎ ግንፍል የሚል ነው።

ባለፈው ዓመት በክልሉ ትምህርት ቤቶች መካከል የጥያቄና መልስ ውድድር ተደረገ። አሸናፊው ቡድን ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳል። የእኔ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዙር ስለተሰናበተ፣ ገለልተኛ ነህ ተብዬ ጥያቄ አውጪም ዳኛም ሆንኩ። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ አንዱ ከከተማችን ኒውላንድ ሰፈር፣ ሌላው ወላጆቼን የመሰሉ የሰፈራ ገበሬዎች ከሚኖሩበት ወረዳ። የኒውላንዱን ቡድን የምትመራው ከሁለት ዓመት በፊት እኔ ያስተማርኳት፣ ኋላ ትምህርት ቤት የቀየረች የአኙዋክ ልጅ ነበረች። ከጋምቤላ ክልል ወጥታ አታውቅም። አዲስ አበባን ለማየት ምን ያህል እንደምትጓጓ ያላወራችለት ሰው አልነበረም።

ውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተካሄደ። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ደረሱ፤ እሱም የእኔ ነበር። «በሕዝብ ብዛት የዓለም ትልቁ ከተማ የትኛው ነው?» አልኩ፣ ደግ መሆኔ እየተሰማኝ። መልሱን በወረቀት ጽፈው ከፍ አደረጉ። የወረዳው ልጆች ቶኪዮ፣ የኒውላንዶቹ ጃካርታ። ቶኪዮ ትክክል ነው ብዬ አወጅኩ። ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና እኔን ብቻ አየችኝ። ያ አስተያየት እሁድን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

በደንባችን ቅሬታ ያለው ሰው እስከ ሰኞ ቀትር በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል ከማራገቢያው ሥር ተቀምጬ ላቤን ስጠርግ መጣች፤ አንድ ገጽ ቅሬታና ስልኳን ይዛ። የወረዳው ቡድን አሰልጣኝም ወሬው ደርሶት ተከትሏት ገባ። እኔን «ጋሼ» የሚል ወጣት የጂኦግራፊ መምህር ነው።

«ቲቸር፣ ይሄ አዲስ ዝርዝር ነው» አለችና ስልኩን ሰጠችኝ። «ጃካርታ አንደኛ። ዳካ ሁለተኛ። ቶኪዮ ሦስተኛ።»

የእኔን አትላስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቶኪዮ አንደኛ፤ ጃካርታ ከነጭራሹ ከላይ ካሉት ውስጥ የለችም። አሰልጣኙ በበኩሉ ስልኩን ነካክቶ ሳል አደረገና፣ «ጋሼ፣ እኔ ያገኘሁት ደግሞ ቾንግቺንግ ይላል፤ ቻይና ነው» አለ።

ሦስት ሰዎች ሆነን ሦስት ከተሞች። ተናደድኩ። «ከተማ ነው ወይስ የቲማቲም ዋጋ፣ በየሱቁ የሚለያየው?» አልኩ።

ልጅቷ ግን ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። የባሮን ወንዝ ሳለች፣ ከዚያ በከተማው ዙሪያ መስመር አዞረች።

«ቲቸር፣ ጋምቤላ ስንት ሰው አለው?»

«ከተቆጠረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን የሚነገረው ሁሉ ግምት ነው።»

«እሺ፣ ግምትም ቢሆን። አሁን ይሄ መስመር የአስተዳደር ወሰን ነው፤ ይሄ አንድ። ከመስመር ውጭ ቤት ተያይዞ ቢሠራ፣ ጋምቤላ ነው ወይስ አይደለም?»

«በአስተዳደር አይደለም» አልኩ። «ለዓይን ግን ነው።»

«እሺ፣ ሁለት። ጀዊስ?»

ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ነው፤ ከከተማው ራቅ ይላል፣ መሐሉም ሜዳ ነው። አይደለም አልኳት።

«ግን ጠዋት ከጀዊ ስንት ሰው ወደ ገበያ ይመጣል? ማታ ይመለሳል። በሥራና በገበያ ቢቆጠር አንድ ላይ ናቸው። ቲቸር፣ ሦስት ጋምቤላ አለ። ሦስቱም ውሸት አይደለም።»

ከዚያ የየዝርዝሩን የግርጌ ማብራሪያ ስናነብ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ቾንግቺንግን አንደኛ ያደረገው ዝርዝር የቆጠረው በአስተዳደር ወሰን ነው፤ ያ ወሰን ደግሞ ከከተማው በተጨማሪ የገጠር መንደርና የእርሻ ማሳ ያጠቃለለ፣ አንዲት ትንሽ አገር የሚያክል ግዛት ነው። የእኔ አትላስ የተመሠረተበት የቀድሞው ዝርዝር እያንዳንዱ አገር «ከተማዬ ይህ ነው» ብሎ የሰጠውን ይቀበል ነበር። ቶኪዮ በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ተቆጠረች፣ ጃካርታ ደግሞ በወሰኗ ውስጥ ብቻ። ልጅቷ ያመጣችው አዲሱ ዝርዝር ግን ምድርን ሁሉ በኪሎ ሜትር ካሬ ከፋፍሎ፣ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረባቸውን ተያያዥ ካሬዎች አንድ ከተማ ይላል። ለሁሉም አንድ መለኪያ። ጃካርታ አንደኛ የወጣችው በአንድ ሌሊት ሕዝብ ጎርፎላት ሳይሆን መለኪያው ስለተለወጠ ነው።

አሰልጣኙ ሲያቅማማ ቆይቶ ከቦርሳው አንድ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። የእኔ ማስታወሻ ነበር፣ በእጅ ጽሑፌ፣ የኮፒ ኮፒ። «ጋሼ፣ ልጆቼ ያጠኑት ከዚህ ነው። እርስዎ ያስተማሩትን መልሰው ለእርስዎ ነገሩዎት። እነሱስ ምን አጠፉ?»

እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበር፤ በማን ዝርዝር፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን መለኪያ የሚል ነገር ሳልጽፍ «ትልቁ ከተማ» ብዬ ጠየቅኩ። አፈርኩ። ይህን መድረክ ላይ ወጥቼ ከመናገር በእግሬ ሩቁ ዲማ ደርሼ ወርቅ ብቆፍር ይቀለኝ ነበር። ግን ተናገርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው አዳራሽ፣ ሃያ ዓመት ያስተማርኳቸው ሰዎች በተቀመጡበት፣ «ጥያቄዬ ጎደሎ ነበር፣ ውጤቱ ተሰርዟል» አልኩ። ከኋላ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ የኛም ፈተና እንደገና ይታረም» አለና አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ።

ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት ካርታ ሰጠሁ፤ ራሴ የፈጠርኩት ከተማ ነው። የአስተዳደር ወሰን አለው፣ ከወሰኑ ተያይዘው የወጡ ቤቶች አሉት፣ ከሜዳ ማዶ ደግሞ በየቀኑ ለሥራ ወደ ከተማው የሚመላለሱ ሰዎች ያሉበት መንደር። ሕዝቡን በሦስቱም መንገድ ቁጠሩ አልኩ። የወረዳው ልጆች ጎበዞች ነበሩ፤ ሁለቱን አገኙ፣ ግን ከሜዳው ማዶ ያለውን መንደር ከተያያዙት ቤቶች ጋር ደመሩት። ልጅቷ ሜዳውን አይታዋለች። ሦስቱንም አገኘች። አሰልጣኙ ቀድሞ ተነስቶ አጨበጨበላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት፣ ለአገር አቀፉ ውድድር ከምትሄድበት አውቶቡስ ውስጥ።

«ቲቸር፣ ቤት መታየት ከጀመረ ቆየ። ፎቅ፣ ሱቅ፣ ሰው ብቻ ነው። ረዳቱን ደርሰናል ወይ ስለው፣ አዲስ አበባ ገና ነው አለኝ። ቤቱ ግን አልተቋረጠም። ደብተሬ ላይ አዲስ አበባ የገባሁበትን ሰዓት መጻፍ እፈልጋለሁ። የቱን ልጻፍ?»

ድሮ ቢሆን ሳላስብ እመልስላት ነበር። አሁን ሰሌዳው ላይ ያዞረችው መስመር ትዝ አለኝና ደስ አለኝ።

«ሁለቱንም ጻፊ» አልኳት። «ከጎናቸውም በምን እንደለካሽ ጻፊ። ስትመለሺ ማስታወሻዬን አብረን እናርማለን።»