ዓይኑ የጠፋው በሬ

እሷ እስክትመጣ ድረስ በቤታችን ፎቶሾፕ የሚነካ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቤታችን የምለው ደብረ ታቦር መናኸሪያው አካባቢ ያለች አንዲት ጠባብ የኅትመትና የጽሕፈት ሥራ ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የላሜኔሽን ማሽን ነበረን። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። መታወቂያ፣ ማኅተም፣ የሠርግ ጥሪ፣ የባነር ጽሑፍ የሚያሠራ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ያ ልጅ አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ገበሬ አባቴ ገብስ ሲያጭድ ጥዬው የመጣሁት ለዚህ ነው ብዬ ራሴን አጽናናበት ነበር።

እሷ ከኩዌት ተመልሳ የመጣች ናት። አምስት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ፣ የአሠሪዋ ልጅ በልብስ ላይ የሚለጠፍ ሎጎ ቤቷ ውስጥ ታዘጋጅ ስለነበር፣ ከእሷ ጎን እየተቀመጠች ተማረች። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «እስቲ ለአንድ ወር ትሞክር» አሉ። እኔም «ምን ችግር አለው» አልኩ። አፌ ነው እንጂ ሆዴ አላለም።

ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ የስፌት ማኅበር ሎጎውን በሰማያዊ ጨርቅ ላይ ሊያሳትም ፈለገ። ሎጎው ነጭ ወረቀት ላይ የተሠራ ስለነበር ነጩ መደብ መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ነጭ ሣጥን ሆኖ ይታተማል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ የምሠራው በፎቶሾፑ ላጲስ ነበር። ምስሉን አጉልቼ፣ ጠርዝ ጠርዙን እየተከተልኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ስቼ ስገባ እየመለስኩ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ሰዉ ያደንቀኝ የነበረውም በትዕግሥቴ ነበር።

እሷ ወንበሯን ሳበች። መጀመሪያ የምስሉን መደብ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጋ ከቁልፉ ፈታችው። ከዚያ ማጂክ ዋንድ የሚባለውን መሣሪያ አንሥታ ነጩን አንድ ጊዜ ነካችው። በነጩ ዙሪያ እንደ ጉንዳን የሚሄድ ነጠብጣብ መስመር ወጣ። ዲሊት ተጫነች፤ ነጩ ጠፋ። ጋሼ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«አለቀ?» አሏት።

«አለቀ ጋሼ።»

ጋሼ ወደ እኔ አላዩም። ባያዩኝም ያዩኝ መሰለኝ፤ ፊቴ ነደደ። መሣሪያው እዚያው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነበር። እኔም ሞክሬው አውቃለሁ፤ አንዴ ግማሹን ሎጎ በላብኝ፣ አንዴ ደግሞ ቆሻሻ ነጭ ጠርዝ አስቀረብኝ፣ «አይረባም» ብዬ ተውኩት። የሚረባው በላይኛው መስመር ላይ ያሉትን ሁለት ነገሮች ለሚያውቅ ሰው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ያቺ ልጅ አለች?» ማለት ጀመረ። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም። ሳቋ አስጠላኝ። ሻይ ስትገዛልኝ አልጠጣም አልኩ። ለጋሼ «በአረብ አገር የተማሩት እኮ መሠረት የለውም» አልኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «ሥራው መሠረት ካለው ይበቃል» አሉኝ። ይህም በሆዴ ባለው ላይ ተደምሮ ከረመ።

በድብቅ ግን መማር ጀመርኩ። እሷ ምሳ ስትወጣ በእሷ ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ። ቶለራንስ የሚለው ቁጥር ከነካሁት ቀለም ጋር ምን ያህል የሚቀራረበው ቀለም አብሮ እንደሚመረጥ የሚወስን መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነጩን ብቻ ይዞ ጠርዝ ላይ ያለውን አመድማ ነጭ ይተዋል፣ ሲበዛ ደግሞ ፈዛዛውን ቀለም ሁሉ ይጠርጋል። ኮንቲጂየስ የሚለው ሣጥን ምልክት ካለበት ደግሞ ከነካሁት ቦታ ጋር ሳይቋረጥ የተያያዘውን ብቻ ይመርጣል። ምልክቱ ከተነሣ በምስሉ ውስጥ የትም ያለውን ተመሳሳይ ቀለም ይሰበስባል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በብዕር የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነጭ ወረቀቱን ሳጠፋለት ምልክቱን አነሣሁት። ለዚያ ሥራ ልክ ነበር፤ በየፊደሉ ቀለበት ውስጥ የተዘጋው ነጭ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣልኝ። ደስ አለኝ። እሷ ስትመጣ ሰምቼ ፋይሌን ዘጋሁና ተነሣሁ። ምልክቱን አልመለስኩም፤ እርግጥ ረስቼው ነው። ፎቶሾፕ ደግሞ የመጨረሻውን አሠራር ይዞ ይቆያል።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሠራው የአንበሳሜ አካባቢ የገበሬዎች ማኅበር ሎጎ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ጋቢያቸውን ደርበው ጠዋት መጥተው ሥራውን ሰጥተውን ሄደዋል። ሎጎው የጥቁር በሬ ራስ ነው፤ ቀንዶቹ ፈዛዛ ቢጫ፣ ዓይኖቹ ነጭ፣ ከሥሩ የማኅበሩ ስም። አረንጓዴ ቲሸርት ላይ ለአርባ ሰው ይታተማል።

እሷ ሌሊቱን የእናቷ ሕመም ዜና ደርሷት ነበር፤ ጣራ ገዳም በኩል ወደ ቤተሰቦቿ የሚሄደው መኪና ሊያመልጣት ነው። ቸኩላለች። ቶለራንሱን አሥራ አምስት አድርጋው አየሁ፤ ቀንዱ እንዳይበላ ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለውን ሣጥን ግን አላየችም፤ ሁልጊዜ ምልክት ያለበት ነበርና። ነጩን ነካች፣ ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር የተመረጠውን በአንድ ነጥብ አሰፋችው፣ ዲሊት አለች። ሻንጣዋን ይዛ ተነሣች።

«ወንድሜ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ቀለም አድርገህ እየውና ላክልኝ። እባክህ።»

«እሺ» አልኩ።

ባሕር ዳር ላለ ማተሚያ ቤት ፋይሉን የምንልከው እኛ ነን። ልብስ ላይ የሚያትመው ማሽን ያለው እነሱ ጋ ነው። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ከበሬው ሥር አረንጓዴ ሌየር አነጠፍኩ። ወዲያው ታየኝ። የበሬው ዓይኖች አረንጓዴ ሆኑ። መደቡ ሲጠፋ አብረው ወጥተዋል፤ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል።

ምክንያቱንም ወዲያው አወቅሁት። ሣጥኑን አየሁ፤ ባዶ ነው። ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዋናውን ፎቶ ከፍቼ፣ ምልክቱን መልሼ፣ ለመሥራት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እጄን ማውዙ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። «ይሄ የእሷ ሥራ ነው» አልኩ ለራሴ። «እሷ ነች የምትደነቀው፤ እሷው ትጠየቅ።» አረንጓዴውን አጠፋሁት። መደብ አልባ ሆኖ እንዲቆይ በፒኤንጂ አስቀመጥኩት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ስለሚበላሽ እንደ ፋይል ላክሁት፤ ያንን እንኳ በጥንቃቄ ነው የሠራሁት።

ቲሸርቶቹ በአራተኛው ቀን በሚኒባስ መጡ። እሷም ተመልሳለች፤ እናቷ ተሽሏቸው ነበር። ሽማግሌው አንዱን ቲሸርት ዘርግተው በብርሃን ያዙት።

«ልጆቼ፣ የበሬውን ዓይን ማን አወጣው?» አሉ ዝግ ብለው።

ሁለተኛውን ቲሸርት አንሥተው ደግሞ አዩት።

«ይሄ የእኔ በሬ ነው። በሎጎው ላይ ያለው በሬ በቤቴ የነበረ ነው፣ እርሻ ላይ ሰው በዓይኑ የሚለየው። ዕውር በሬ ደረታችን ላይ ለጥፈን ስብሰባ ብንገባ ይስቁብናል።»

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ፋይሏን ከፈተች፤ አየችው። ማውዙን ወደ ላይኛው መስመር አደረገችና ባዶውን ሣጥን አየች። ከዚያ ለአፍታ ወደ እኔ አየች።

«ስሕተቱ የእኔ ነው አባባ» አለች። «ሳላይ ሄጄ ነው። ሌላ እናሳትማለን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ አልተቆጡም፤ ግን እሷን ሳያዩ የአርባውን ቲሸርት ኪሳራ ወረቀት ላይ ማስላት ጀመሩ። ስፈልገው የነበረው ይኸው መጣ። አልጣፈጠኝም።

ጋሼ ሽማግሌውን ሊሸኙ ሲወጡ ጠየቀችኝ።

«ከሥሩ ቀለም አድርገህ አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«ዓይኑንስ?»

«አይቻለሁ።»

«ለምን?» አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ምሳ ስትወጪ ስማር የሣጥኑን ምልክት ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሳልመልሰው ረስቼው ነው፤ የላክሁት ግን አውቄ ነው» አልኩ።

«ሙያውን ተደብቀህ ለምን ትሠርቃለህ? ጠይቀኸኝ ቢሆን አሳይህ ነበር» አለች። ቀስ ብላ ነው። ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋችው። «ተቀመጥ። አንተ ሥራው።»

ተቀመጥኩ። ዋናውን ምስል ከፈትኩ፣ መደቡን ፈታሁት። ምልክቱን መለስኩት። ቶለራንሱን ሠላሳ ሁለት ላይ አድርጌ ስነካው የበሬው ቀንድ ጫፍ አብሮ ተመረጠ፤ ወደ አሥራ አምስት አወረድኩት፣ ቀንዱ ዳነ። ነጩ ከውጭ ተመረጠ፤ ዓይኖቹ በጥቁሩ ራስ ውስጥ የተከበቡ ስለሆኑ አልተነኩም። በማኅበሩ ስም ፊደላት ቀለበት ውስጥ ያለው ነጭ ግን እሱም ተከቦ ቀረ።

«ሺፍት ይዘህ አንድ በአንድ ንካው» አለችኝ። «እነዚያ መውጣት አለባቸው። የበሬውን ዓይን ግን እንዳትነካ።»

ነካካሁ። ጠርዙን በአንድ ነጥብ አሰፋሁ። አጠፋሁ። ከሥሩ አረንጓዴ አደረግሁ። በሬው በነጭ ዓይኑ አየን። እሷ ጎንበስ ብላ ጠርዙን አጉልታ ፈተሸች፤ «ጥሩ» አለች። ያቺ አንዲት ቃል አስደሰተችኝ፤ መደሰቴም አናደደኝ።

ለጋሼ ሳልነግራቸው ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በመጨረሻ እሷን «ፈጣን ናት ግን ትቸኩላለች» ብለው ለሌላ ሰው ሲያወሩ ሰማኋቸውና አልቻልኩም። በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። አልጮኹብኝም። «እሷ ታውቃለች?» አሉ። «ታውቃለች» አልኩ። «እንግዲያውስ እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅሁት» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። በማግስቱ ሽማግሌው ጋ ደውለው እውነቱን ነገሯቸው፤ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ።

እሷ በዓመቱ ሐሙሲት ላይ የራሷን ቤት ከፈተች። እኔ የእሷን ወንበር ወረስኩ። አሁን ሎጎ ሲመጣልኝ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ሥራዬም ይመሰገናል። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ይቆማል። በሯ ላይ የቆመውን ሰው ብዛት ሳላስበው እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ወርጄ ሰላም እላታለሁ፤ ታስቀምጠኛለች፣ ሻይ ታዝልኛለች፣ አሁን እጠጣለሁ። ወጥቼ ስሄድ ግን ያቺ የድሮዋ ነገር ጎኔን ትወጋኛለች። ቀንሳለች፤ አልሞተችም።