«ይሰፋል» ብዬ የተደበቅሁበት ማስታወቂያ

ኩራቴ ትልቅ፣ ድፍረቴ ትንሽ ነው። በኮሮና ጊዜ ይህ ጠባዬ ጉድ ሊያደርገኝ ነበር።

ዓረብ አገር፣ ፋሐሂል በምትባል ከተማ በአንዲት ማዳም ልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። ቤቱ በእገዳው ሲዘጋ ማዳም አንዱን የስፌት መኪና ወደ ክፍሌ አስመጣችልኝ። «ማስክ ሰፍተሽ ሽጪ። ሥራ ካላገኘሽ መኪናውን አስወስዳለሁ፤ አንቺም ባያን ሰፈር እኔ ቤት ገብተሽ ታጸጃለሽ» አለችኝ። መጀመሪያ ስመጣ የሰው ቤት ጽዳት ቀምሼዋለሁ፤ ተመልሼ መግባት ሞት መሰለኝ።

በጸሎት ኅብረታችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ፦ «የጨርቅ ማስክ ይሰፋል። ትዕዛዝ ይወሰዳል። ማድረስም ሊመቻች ይችላል።» አገር ቤት በየአጥሩ የሚለጠፈውም እንዲሁ ነው፤ ቤት ይከራያል፣ መኪና ይሸጣል ይባላል። እኔ ግን ለወጉ ብዬ ሳይሆን፣ የምሰፋው ራሴ መሆኔን ለመደበቅ ነበር። ለኅብረቱ ሰዎች የስፌት ቤቱ ኃላፊ ነኝ ብያቸው ነበር። ሳምንት ሙሉ አንድም ጠያቂ አልመጣም።

አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ ለስልክ መሸጫ ሱቅ ማስታወቂያ ትጽፍ ነበር። የእኔን አንብባ ሳቀች።

«ማነው የሚሰፋው፣ መንፈስ ነው? ‹ሊመቻች ይችላል› ማለትስ ምንድን ነው? ታመጫለሽ ወይስ አታመጪም?»

ስልኬን ነጥቃ ጻፈች፦ «እኔ እሰፋለሁ። ዛሬ እዘዙኝ፤ ሐሙስ በራችሁ ድረስ አመጣለሁ። ማስኬ ኮሮናን ድራሹን ያጠፋል!»

«የመጨረሻዋን አጥፊያት፣ ውሸት ናት» አልኳት።

«ታዲያ ያንቺ ማስክ ምን ያደርጋል?»

«ድርብ ጥጥ ነው። አጥበው መልሰው ያደርጉታል። ጆሮ አይቆርጥም።»

«እሱኑ ንገሪያቸዋ!»

እንዳልኩት ጻፈችው። ፋሐሂል ላሉት ብቻ እንደማደርስም አስጨመርኳት፤ ከሰዓት እላፊው በፊት ራቅ ያለ ቦታ ደርሼ መመለስ አልችልም። «እኔ» የምትለውንም እንድታወጣልኝ ለመንኳት። «ሰው የሚያምነው ሰውን ነው» ብላ ላከችው።

የመጀመሪያዋ መላሽ የጸሎት መሪያችን ሚስት ነበረች። «አንቺ ነሽ እንዴ የምትሰፊው? እኛኮ ኃላፊ ትመስዪን ነበር!» ሁሉም አየው። ፊቴ ጋለ፤ አፈርኩ፣ ስልኩን ትራስ ሥር ወሸቅሁት። ብቻውን ሲንጫጫ ቆየ። ሳወጣው እሷው ራሷ «ለአምስታችን ስፊልን» ብላ ጨምራለች፤ ከሥሯም ሌሎች ተሰልፈዋል።

በማግስቱ ማዳም ደወለች። «ኸላስ፣ በቃ፣ መኪናውን እንዲወስድ ሹፌሩን ልላከው?»

«ሥራ ሊገኝ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። «ሥራ ይዣለሁ፣ ማዳም። መኪናውን አልሰጥም።»

«ዘይን፣ ጥሩ፣ ይቆይልሽ» አለችኝ።

ሐሙስ የመሪያችን ሚስት በር ላይ ቆምኩ። ማስኮቹን አገላብጣ አየቻቸው፤ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እጅሽ ይባረክ። እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ ለምን ደበቅሽን፣ እህቴ?»

በራሴ እጅ የሰፋሁት ማስክ ግማሽ ፊቴን ሸፍኖልኝ ነበር፤ የቀረውን መሬት መሬት እያየሁ ደበቅሁት።