ማንጎ፣ ሳንቡሳ፣ ሂና

ክረምቱ ሲገባ እማዬ ትንሽ ብር ሰጠችኝና «ይቺ መነሻሽ ናት። ካጠፋሻት ሌላ የለም፤ ሐርቡ አክስትሽ ጋ ሄደሽ ፍየል ትጠብቂያለሽ» አለችኝ። አክስቴን እወዳታለሁ። ፍየሎቿ ግን ባለፈው ዓመት ሻርፔን በልተውብኛል።

መጀመሪያ ነጋዴ ሆንኩ። ኮምቦልቻ ማንጎ ከደሴ ይረክሳል፤ ስለዚህ አንድ ካርቶን ገዝቼ በሚኒባስ ወደ ሰፈሬ ደሴ ወጣሁ። የመረጥኩት ሽታው ደስ የሚለውን ነው፤ ሽታው ደስ የሚለው ማንጎ የበሰለ መሆኑን ያወቅኩት ደሴ ስንደርስ ጭማቂው በካርቶኑ ሥር ሲወርድ ነው። ረዳቱ ደግሞ ለእኔም ለማንጎውም ሒሳብ ተቀበለኝ።

«አንድ ካርቶን እኮ ነው» ስለው፣

«አንቺ ደግሞ ሃያ ካርቶን ብትጭኚ ኖሮ ታተርፊ ነበር» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው። ሃያ ለመጫን ግን ብሩ የት አለ? የተረፈውን በገዛሁበት ዋጋ ሸጥኩት፤ የፈረጠውን ቤት በላነው።

ከዚያ ራሴ ልሥራ አልኩ። ምስርና ዱቄት ገዛሁ፣ የዘይቱ ዋጋ ግን አስለቀሰኝ። ሳንቡሳዬን ጠብሼ በረንዳ ላይ ደርድሬ ገዢ ስጠብቅ የሰፈራችን ትልቅ ሴት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው መጡ።

«ሥራ ጀመርሽ አሉ። ያለ ዱዓ ይጀመራል እንዴ ልጄ?»

ወሎ ውስጥ ዱዓ አድራጊን በባዶ አፉ የሚሸኝ ሰው አልተወለደም። አንድ ምርቃት፣ አንድ አሚን፣ አንድ ሳንቡሳ። «ገበያሽን ያድምቀው!» ሲሉ ገበያዬ በአፋቸው ውስጥ ነበር። ምርቃቱ ሲያልቅ ሳህኑም አለቀ።

እኚያው እናት ሲወጡ እጄን ያዙኝ። «ይህን ሂና ማን ሳለልሽ?»

«ራሴ ነኝ፣ እማማ።»

«የልጅ ልጄ ትዳራለችና መጥተሽ ሳይላት።»

በተረፈችኝ ብር የሂና ቱቦዎች ገዛሁ። ሂና አይፈርጥም፣ አይበላም፣ ታክሲ ላይ ሒሳብ አይጠየቅበትም። ክፋቱ የሚስለው እጄ አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሰርጉ ቤት ሙሽራዋን ስጨርስ አክስቶቿ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ፣ አንገቴ እስኪደርቅ ሳልኩ።

ሒሳብ ላይ እማማ «እኔማ በዱዓ ከፍያለሁ» አሉ።

ፍየሎቹ በዓይኔ መጡብኝ። «እማማ፣ በዱዓውማ ሳንቡሳ በልተውበታል። ሂናው ለብቻው ነው» አልኳቸው።

ሙሽራዋ ቀድማ ሳቀች፤ ሂናዋ እንዳይበላሽ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ። እማማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ከመቀነታቸው ፈተው ከፈሉኝ። «ወላሂ፣ ይቺ ልጅ አትራብም» አሉ።

ማታ እማዬ አክስቴ ጋ ደወለች። «ዘንድሮ አትመጣም። ሥራ አላት።»

እኔ ከጎኗ ሆኜ፣ «ኔትወርኩ ጥሩ አይደለም መሰለኝ፣ እስቲ የመጨረሻውን ድገሚላት» አልኳት።