ለአባቴ በሁለት ቋንቋ የተነገረው መርዶ

ሰው መጠርጠርን ያስተማረኝ አጎቴ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በርስት ሙግት ዳኛ ፊት ሲቆም ያረጀ። አባቴ ሐሙስ ዕለት ሲሞት ዳሱን ያስጣለውም፣ ቀባሪውን ያዘዘውም እሱ ነበር። አልዋሽም፣ ያን ቀን እሱ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

አባቴ የትግራይ ሰው ነው። አሞሌ ጨው ሲነግድ ወደ እኛ አገር ጋይንት፣ አርብ ገበያ መጥቶ እናቴን አገባና በዚያው ቀረ። የአገሩ ነጋዴዎች አርብ አርብ ገበያው ላይ ይውላሉ፤ አማርኛቸው ለዋጋ እንጂ ለለቅሶ አይበቃም። ስለዚህ መርዶው ለእኛ በአማርኛ፣ ለእነሱ በትግርኛ መነገር ነበረበት። እነሱ ደግሞ ሲመለሱ ለወገኖቹ ያደርሱታል።

ነጋሪው የአባቴ የአገር ልጅ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ሐሙስ ወደ ማምሻው መጥተው እናቴ አጠገብ ተቀመጡ። የክርስትና ስሙን ጠየቁ፤ ለፍትሐቱ ነው። ደብሩንና የቀብሩን ሰዓት ጠየቁ። የአባቴን አባቶች እስከ ሰባት ቤት ራሳቸው ቆጠሩ፤ አገሩ ላይ በስሙ ብቻ ማን ያውቀዋል? ከዚያ እናቴን ቀና ብለው አዩና፣ "አሁን ደግሞ የእርስዎን አባቶች ይቁጠሩልኝ" አሏት።

ክው አልኩ። እኛ አገር አባት የሚቆጠረው ለርስት ነዋ!

"ለምንዎ ነው?" አለ አጎቴ።

"ወገኖቹ መርዶውን ሲሰሙ፣ 'ከማን ቤት ሞተ?' ይላሉ። የማን ልጅ እጅ ላይ እንዳረፈ ካልሰሙ፣ ሜዳ የወደቀ ይመስላቸዋል።"

"የጋይንት ሰው ናት ይበሏቸው። ይበቃል።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። አጎቴ እኔን ወደ ጓሮ ጠራኝና፣ "ይሄ ሰውዬ ዓይኑ መሬታችን ላይ ነው። ነገ የአባትሽ ወገኖች በእናንተ በልጆቹ ስም ይከሱናል። ትግርኛ ትሰሚያለሽ፣ ተከትለሽ አድምጪው" አለኝ። አመንኩት። የሽማግሌው ትሕትና ሁሉ ተንኮል መሰለኝ፤ ውሃ ሲያቀብሏቸው እንኳ እጃቸውን እጠብቅ ነበር።

አርብ ጠዋት ገበያው ዳር ድንጋይ ላይ ቆመው ለፈፉ። አማርኛው አጭር ነው፦ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት እዚህ ደብር ነው፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ትግርኛው ግን ረዘመ፣ እኔም ጆሮዬን አቀናሁ። የረዘመው በአባቴ አባቶች ነበር፤ ሌላ የተጨመረ ቃል አላገኘሁም። "ሚስቱ የጋይንት ሰው ናት" ሲሉ አንድ ጨው ጫኝ፣ "የማን ልጅ?" ብሎ ጮኸ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እንደ ማፈር አሉ!

እዚያው ቆሜ ነገሩ ከነከነኝ። "በልጆቹ ስም" ብሎኝ የለ? ልጆቹኮ እኛ ነን! አባቴ ከታመመ ጀምሮ የእናቴን ድርሻ የሚያርሰው ማን ነው? አጎቴ፣ "እስኪሻለው" እያለ። አገር በተሰበሰበበት የእናቴ አባቶች ተቆጥረው እኛ ከሥራቸው ከተጠራን፣ ነገ "የመጤ ልጆች ናችሁ" ብሎ የሚያባርረን የለም። የሚጠረጠረው የእኛው ሰው ኖሯል!

ለእናቴ ልነግራት ሮጥኩ፤ ግን አስከሬኑ ወጥቶ ስለነበር ለቅሶው ዋጠን።

ከቀብር በኋላ ሰው ሁሉ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀመጠ፤ ጋይንቴው በአንድ ወገን፣ ነጋዴዎቹ በሌላው። ሽማግሌው ለማጽናናት ተነሡ። "እግዜር ያጥናችሁ፣ ነፍሱን ይማር" አሉን፤ ወደ ወገኖቻቸው ዞረው "ጽንዓት ይሃብኩም" አሉ። ወደ አባቴ አገር የሚሄደውን መርዶም እንደገና ጀመሩ። አባቶቹን ቆጥረው እናቴ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩዋት።

አጎቴ "ይቀጥሉ እንጂ!" አለ።

እናቴ ተነሣች። ነጠላዋን አደግድጋ፣ በሰለለ ድምፅ አባቷን ጠራች፣ አያቷን ጠራች፣ ቅድመ አያቷን ጠራች። ቀጠለች።

"ኧረ ዘለልሽ!" አጎቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "አራተኛውን ዘለልሽ እኮ! ያለ እሱ ምኑን ርስት ሆነ?" አለና ስሙን ጠርቶ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት አወረዳቸው።

ቄሱም ሰሙ፣ ጭቃ ሹሙም ሰማ። አጎቴ በገዛ አፉ መመስከሩ ገብቶት ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው እጅ ነሡትና የቆጠረውን አንድ በአንድ በትግርኛ መለሱት፤ መጨረሻ ላይ ከእናቴ ሥር እኛን ልጆቿን በየስማችን ጠሩ። ያን ጊዜ ነው አባቴን አንጀቴ እስኪቆረጥ ያለቀስኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ የእናቴን ክንድ ደግፌ፣ "እማ፣ አራተኛውን እውነት ረስተሽው ነው?" አልኳት።

"ባሌን በቀበርኩበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ትጠይቂኛለሽ?" አለችና እርምጃዋን ፈጠን አደረገች።