ሰባት ሰዓት የሚቀድም ልደት

ሐይቅ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ከወረቀት ይልቅ የሚበዛው ቀን ነው። ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይዞ ይመጣና በፈረንጅ አስቀይሮ ይሄዳል። አንዱ ለፓስፖርት ቅጽ፣ አንዱ ለቪዛ፣ አንዱ ደግሞ ዝም ብሎ ለማወቅ። እኔ ሰንጠረዥ አላይም። ከዓመታት ልምድ በኋላ ቀኑን ገና ሲነግሩኝ መልሱ አፌ ላይ ይመጣል። በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር፤ «ትንሽ» ማለቴ ግን ውሸት ነው።

እትዬ የምላቸው ሴት የመጡት አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ፣ ሰባት ልጅ የወለዱ እናት ናቸው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ዱባይ ሦስት ዓመት ሠርታ ከተመለሰች በኋላ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ያገራችን ልጅ አግብቷት አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን የሚባል ከተማ ገብታለች። እዚያ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የማታ ተረኛ ናት። የፓስፖርቷን ቅጽ በእጄ የሞላሁላት እኔ ነኝ።

ወንበር ሰጠኋቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ዘንድሮ እንዳላመልጣት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና መስከረም ሃያ አንድ፣ ልጅቱ በተወለደችበት ቀን፣ የእሳቸው ስልክ ሲደወልበት ከማንሳት ሌላ ስለማይሠራ፣ የጎረቤት ልጅ ከሥራ እስኪገባ ጠብቀው ማታ አንድ ሰዓት ላይ በስልኩ «እንኳን ተወለድሽ» አስልከው ነበር። መልሱ አጭር ነበር፦ «እማ፣ ልደቴ እኮ ትናንት አለፈ። ግድ የለም።» ከዚያ ወዲህ የምትደውለው በዒድ በዒድ ብቻ ሆነ።

«‹ግድ የለም› ማለቷ ነው የገደለኝ» አሉ። «ብትቆጣኝ ይሻል ነበር ወላሂ። ሰባት ስወልድ የማንንም ልደት አክብሬ አላውቅም፤ ልማዳችን አይደለም። እሷ እዚያ ሄዳ ስታይ ‹እናቴ የተወለድኩበትን ቀን እንኳ አታውቅም› ብላ ያዘችብኝ። እኔ አላውቅ? የግሸን ለት ነው፤ ሱብሂ ላይ፣ የንጋቱ አዛን ሳያልቅ። የግሸን መንገደኞች መኪና በደጄ ጡሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ነው የተገላገልኳት።»

አንድ ወረቀት ሳብኩና ሁለት መስመር አሰመርኩበት፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ። ሜልቦርን ከእኛ ሰባት ሰዓት ይቀድማል፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሰዓታቸውን አንድ ገፋ ሲያደርጉት ስምንት ይሆናል፣ ለጊዜው ግን ሰባት ነው። እኛ ጋ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እነሱ ጋ እኩለ ሌሊት ይሆንና ቀኑ ይለወጣል። አምና ማታ አንድ ሰዓት ላይ የላኩት መልእክት እዚያ ሲደርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ልደቱ ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖታል።

እትዬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ነገን ከየት አመጡት?»

«ፀሐይ እነሱ ጋ ቀድማ ትወጣለቻ።»

«ትውጣ! እኔ ካልወለድኳት ማን ሊወልዳት ነው?»

ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። በዋዜማው፣ መስከረም ሃያ፣ ልክ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንላክላት፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ስለሚሆን ከሰው ሁሉ ቀድመው የደረሱ እሳቸው ይሆናሉ። ይህን ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በዋዜማው? ገና ሳልወልዳት? ያልተወለደ ልጅ ‹እንኳን ተወለደ› ይባላል እንዴ! ደግም አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚወልዷት?» አልኩ፣ ትንሽ በስጨት ብዬ።

አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። «ለእኛ እኮ ቀን የሚገባው ከመግሪብ ነው። ሐሙስ ማታ የጁምዓ ሌሊት አይደል የምንለው? ሃያ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች ቀኑ የእሷ ነው። ያኔ ብልክ ነውር የለውም።»

ይህን ጊዜ እኔም ደነቀኝ። በእኛም ቤት በዓል የሚገባው በዋዜማው ማታ ነው፤ የማርያም ዋዜማ ከተቆመ ማርያም ገብታለች። ደንበኞቼ ግን «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተወለደ» ሲሉኝ፣ ካልነጋ ቀኑ አልተለወጠም ብለው ያለፈውን ቀን ያስጽፉኛል። ስልኬ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ እኩለ ሌሊት ላይ ይለውጣል። በዚያች ሁለት ሰው በቅጡ በማታስቆም ቤት ውስጥ ስንት ዓይነት ቀን እንዳለ አስቤ አላውቅም ነበር። ከሁሉ የገረመኝ የእትዬ መግሪብና የሜልቦርን እኩለ ሌሊት በአንድ ሰዓት ግድም ብቻ መራራቃቸው ነው። እንደ እሳቸው አቆጣጠር ሃያ አንድ ሲገባ፣ እዚያም በሰዓት ሃያ አንድ ገብቷል።

ተስማማን። መስከረም ሃያ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ በእኔ ስልክ፤ ቁጥሯንም ያዝኩ። ወረቀቱ ላይም በልበ ሙሉነት «መስከረም 21 = ኦክቶበር 1» ብዬ ጻፍኩ።

መስከረም ሃያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መናኸሪያው በግሸን መንገደኞች ተጨናንቆ ሳለ፣ አንድ ጎልማሳ ቅጽ ሊያስሞላ ገባ። መጨረሻ ላይ የዕለቱን ቀን በፈረንጅ ልጽፍ ስልኬን ሳየው «ኦክቶበር 1» ይላል። ስልኩ ተሳስቷል ብዬ ኮምፒዩተሩን አየሁ። እሱም ኦክቶበር አንድ ይላል።

ክው አልኩ። ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ነበረች። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን አዲስ ዓመታችን በፈረንጅ አንድ ቀን ይዘገያል፤ ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ አንድ አንድ ይገፋል። ሰው ሁሉ እንዲጠነቀቅ ለዓመታት ስሰብክ የኖርኩት እኔው ነኝ። መስከረም ሃያ አንድ ዘንድሮ ኦክቶበር ሁለት ነው። የልጅቱ ልደት ግን ፓስፖርቷ ላይ ኦክቶበር አንድ ነው፤ በተወለደችበት ዓመት ልክ ነበር፣ እዚያም የሚያውቁላት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ልደቷ ነገ አይደለም። ትናንት እኛ ጋ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጀምሯል፤ አሁን እነሱ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ዛሬ እኛ ጋ አሥራ አንድ ሲሆን ያልቃል። መግሪብን ብንጠብቅ በአንድ ሰዓት እንደገና ልናመልጣት ነው።

ቤቱን ዘግቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ስለነበር እትዬ ቤት ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ ነው! አሁኑኑ እንላክላት፣ ሊያልቅ ነው!»

«ዛሬ ሃያ ነው» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አስረዳኋቸው። ስለ ጳጉሜን፣ ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ እኔ ስሕተት። ስጨርስ ሰፌዱን ወዘወዙት።

«ጳጉሜን ስድስት ብትሆን እኔ ሁለት ጊዜ አልወልድ! የወለድኳት ሃያ አንድ ነው። ባልወለድኩበት ቀን ወለድኩ ብዬ አልዋሽም።»

ቱግ አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ቁጣው ለምን በእሳቸው ላይ እንደወጣ አላውቅም። «እንግዲያው ዘንድሮም ‹ግድ የለም› ትበልዎት!»

ቃሉን ሳልጨርስ ጸጸተኝ። እትዬ እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ዓይናቸው ሲሞላ አየሁ፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደ ፀሐይዋ አዩ።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥር።»

«ያን ለት ይኸን ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ምጤ ጀማምሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ይኸንኑ ይንገሯት» አልኳቸው። «‹እንኳን ተወለድሽ› አይበሉ። አሁን ምጡ የት እንደደረሰ ብቻ ይንገሯት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ድምፅ መቅጃውን ከፍቼ ስልኬን አፋቸው አጠገብ ያዝኩላቸው። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ እናትሽ። እንኳን ተወለድሽ አልልሽም፤ ገና አልወለድኩሽም። እኔ ጋ ገና ሃያ ነው። ይኸን ሰዓት ነው ውሃ ቀድቼ ስመለስ ወገቤን የያዘኝ። እንስራውን ከጀርባዬ የሚያወርድልኝ አጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አባትሽ አዋላጇን ሊጠራ ሮጠ፤ ጫማውን እንኳ አላደረገ። አንቺ የምትመጪው ሱብሂ ላይ ነው። አንቺ ጋ ቀኑ እያለቀ ነው አሉኝ። እኔ ጋ ግን ገና ነው። አልረሳሁሽም፤ እየመጣሁልሽ ነው፣ ጠብቂኝ።»

ላክሁት። ወዲያው ሁለት ምልክት አሳየ፤ ደርሷል ማለት ነው። ግን አልተከፈተም። እትዬ ምስሩን ትተው ከስልኬ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ምልክቶቹ ሰማያዊ ሆኑ። እዚያ ለእኩለ ሌሊት ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል ማለት ነው።

«ሰማችው?»

«ሰምታዋለች።»

«ምን አለች?»

ምንም አላለችም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። የመግሪብ አዛን ተሰማ። እትዬ ለሶላት ገቡ፤ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ። ያን ማታ ሰው ሊታረቅ ሲፈልግ መሐል ገብቼ አበላሸሁ ብዬ አዘንኩ።

በነጋታው ቅዳሴ አስቀድሼ ሱቄን ልከፍት ስመጣ እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ክፉ ነገር የሰሙ መስሎኝ ቁልፉ ከእጄ ወደቀ።

«ደወለች» አሉኝ። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ለሱብሂ ውዱዕ ሳደርግ ስልኬ ጮኸ። ‹እማ፣ እዚህ እኩለ ቀን ነው፤ ሰዓቱን ስቆጥር ነው ያደርኩት› አለችኝ። ከዚያ አዛኑ ጀመረ። ‹አትናገሪ፣ ልስማው› አለች። ተያይዘን ዝም አልን። አዛኑ ሊያልቅ ሲል ‹እማ፣ ተወለድኩ?› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ‹አሁን ተወለድሽ› አልኳት። ይኸኔ አለቀሰች። ‹አዎ የኔ ልጅ፣ ያኔም እንዲህ ብለሽ ነው ያለቀስሽው› አልኳት።»